አጎቱ የላከለት ካልኩሌተር ፈተና ለምን አይገባም?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለንደን ነው። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ አዲስ አበባ 8ኛ ክፍል ጨርሶ ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በመጪው ግንቦት ጂሲኤስኢ ይፈተናል። አጎቱ ከአሜሪካ TI-Nspire CX II CAS የሚባል ውድ ካልኩሌተር ላከለት፤ ትምህርት ቤቱ ግን "ይሄ ፈተና አይገባም" አለው። የተፈቀዱት የትኞቹ እንደሆኑ ለማየት ዝርዝር ብፈልግ አጣሁ። የአማርኛ መዝገበ ቃላትስ ይዞ መግባት ይችላል? ጎረቤቴ ከፈተናው ሰዓት ሩቡ ያህል ይጨመርለታል ብላኛለች። ራፍ ወረቀትስ ይሰጡታል? ግራ ገብቶኛል።» ግራ የገባት እናት

እህቴ፣ ዝርዝሩን ያጣሽው መጀመሪያውኑ ስለሌለ ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር የፈተና ቦርዶቹ ጄሲኪው በሚባለው የጋራ ምክር ቤታቸው በኩል በየዓመቱ የፈተና አሰጣጥ መመሪያ ያወጣሉ። ከመስከረም እስከ ነሐሴ የሚሠራው ያ ነው። መመሪያው ስለ ካልኩሌተር ሲናገር «ይሄ ሞዴል ይገባል፣ ያኛው አይገባም» አይልም። ማሽኑ ማድረግ የሌለበትን ነገር ነው የሚዘረዝረው። ቋንቋ መተርጎም የለበትም። ከሌላ ማሽን ወይም ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት የለበትም። የአልጀብራ ፊደሎችን እንደ ፊደል ይዞ ማባዛት፣ መበተንና ማቃለል የለበትም፤ የካልኩለስ ሥራም በፊደል መሥራት የለበትም። ተመልሶ ሊነበብ የሚችል ጽሑፍ፣ ቀመር ወይም መዝገበ ቃላት በሆዱ መያዝ የለበትም። ይህን ሁሉ የማያደርግ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚበቃ፣ በባትሪ ወይም በብርሃን የሚሠራ ካልኩሌተር ማንም ያምርተው ማን ይገባል።

የልጅሽ ካልኩሌተር የወደቀው በአልጀብራው ነው። ስሙ መጨረሻ ላይ ያሉትን CAS የሚሉትን ሦስት ፊደላት እዪአቸው። ትርጉማቸው ማሽኑ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ፊደልም ያሰላል ማለት ነው። እቤት ከፍታችሁ ይህችን ጻፉበት፦

```
expand((x+3)*(x+2))
```

ስክሪኑ ላይ ወዲያው x²+5·x+6 ይወጣል። አሁን የጂሲኤስኢ የሒሳብ ወረቀት አስቢ። «ቅንፉን ፍታና አቃልል» ብሎ ልክ ይህንን ለሁለት ማርክ ይጠይቃል። ልጁ ሊማር የሚገባውን ያንኑ ሥራ ማሽኑ ሠርቶ ይሰጠዋል። ክልከላው ከዋጋውም ከአገሩም ጋር አይገናኝም። በጣም ርካሽ የሆነ ማሽንም ይህን ቢሠራ እሱም በር ላይ ይቀራል። ማሽኑ ሰነድና ማስታወሻ የሚቀመጥበት ቦታ ስላለው በዚያም በኩል ይጠየቃል።

ልጁ «ያንን ቁልፍ አልነካውም» ቢልስ? ብዙ ልጆች እንዲህ ይላሉ፣ አብዛኞቹም ከልባቸው ነው። ግን መመሪያው የሚመለከተው ማሽኑ ምን እንዲያደርግ ተደርጎ እንደተሠራ ነው፤ ልጁ ምን እንዳሰበ አይደለም። ተቆጣጣሪ መቶ ሃምሳ ልጅ በተቀመጠበት አዳራሽ ውስጥ የእያንዳንዱን ጣት መከተል አይችልም። እኔ ራሴ ስንት ፈተና ተቆጣጥሬአለሁ፣ አይቻልም።

አጎቱ ግን ያጠፋው የለም፤ ይህን ንገሪው። አሜሪካ ውስጥ ራሱ እንደየፈተናው ይለያያል። ኤስኤቲ በሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ላይ እንዲህ ያሉ ማሽኖች ለብዙ ዓመታት ይገቡ ነበር። ሌላው የኮሌጅ መግቢያ፣ ኤሲቲ፣ ላይ ደግሞ በዚያው ዘመን ተከልክለው ቆይተዋል። የመሐንዲሶች የፈቃድ ፈተና የሚያዘጋጀው ኤንሲኢኢኤስ ከዚህም ጠበቅ ያለ ነው፤ እዚያ በስም የተጻፉ ጥቂት የካሲዮ፣ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስና የኤችፒ ዓይነቶች ብቻ ናቸው የሚገቡት፣ ሌላው ሁሉ ምንም ያህል ተራ ቢሆን አይገባም። በስም መዘርዘር ለተቆጣጣሪው ይቀላል፤ ስሙን አይቶ ያልፋል ወይም ይመልሳል። ችግሩ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ዝርዝሩ ያረጃል፣ ቤት ውስጥ ጥሩ ካልኩሌተር ያለውም ሌላ ሊገዛ ነው። የእንግሊዙ አካሄድ ለቤተሰብ ኪስ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ግን እንዳንቺ ያለ ሰው «ታዲያ የኔ ይገባል ወይስ አይገባም?» ሲል ቁርጥ ያለ መልስ ከወረቀት ላይ አያገኝም። መልሱን የሚሰጠው የትምህርት ቤቱ የፈተና ኃላፊ ነው። ልጅሽን የመለሱት እሱ ወይም እሷ ከሆኑ ትክክል ናቸው፣ አትከራከሪ።

እና ምን ይግዛ? ሱቅ ስትፈልጊ fx-83GT CW ብለሽ ጻፊ። የካሲዮ ነው፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆች እጅ ላይ የምታዪው እሱ ወይም የቀድሞ ወንድሞቹ ናቸው። fx-85GT CW የሚለው ያው ነው፣ በብርሃንም ይሠራል። በአጎቱ ማሽን ዋጋ በርካታ ትገዥበታለሽ። ልጁ ከዚህ በኋላ ኤ ሌቭል ሒሳብ ሊቀጥል ካሰበ ግን ዛሬውኑ fx-991CW ግዢለት፤ ለሁለቱም ይገባል፣ ሁለት ጊዜ ከመግዛት ያድናል። ይኼኛው እኩልታ ይፈታል፣ ታዲያ ለምን ተፈቀደ ትይኝ ይሆናል። መልሱን በቁጥር ነው የሚሰጠው። ኤክስ 2 ነው፣ ኤክስ 3 ነው ይላል እንጂ ቅንፍ ከነፊደሉ አይፈታልሽም። መስመሩ የተሰመረው እዚያ ላይ ነው፣ በቁጥር ማስላትና በፊደል ማስላት መካከል።

አንድ የማስጠነቅቅሽ ነገር አለ። ልጁ ክፍል ውስጥ እስከ አሁን የትምህርት ቤቱን ካልኩሌተር ሲጠቀም ከነበረ የትኛው ሞዴል እንደሆነ ጠይቂውና ያንኑ ግዢ። የአሮጌውና የአዲሱ ካሲዮ ቁልፎች አይመሳሰሉም። በአሮጌው ክፍልፋይን ወደ አሥርዮሽ የምትቀይር አንዲት ቁልፍ ነበረች፣ S⇔D ተብሎ የተጻፈባት። በአዲሱ እሷ የለችም፣ FORMAT የሚለውን ነክቶ ከውስጥ መምረጥ ነው። ቀላል ይመስላል። በፈተና ቀን ግን ልጁ ያቺን ቁልፍ ሲፈልግ ላብ ያጠምቀዋል።

እስቲ አንድ ጥያቄ አብረን እንሥራ፣ ማሽኑን ለመልመድ የምትሆን። (7.3 + 2.15) በ (2.4² − 1.9) ሲካፈል ስንት ነው፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ ጻፍ ተባለ እንበል። የዚህ ዓይነት ጥያቄ የተለመደ ነው። ልጁ የክፍልፋይ ቁልፉን ተጭኖ ላዩንና ታቹን ለየብቻ ከሞላ 945/386 ይወጣለታል፤ ወደ አሥርዮሽ ሲቀይረው 2.448186528 ነው። ቁጥሮቹን በተርታ፣ ያለ ቅንፍ፣ እንዳያቸው ከከተተ ግን ማሽኑ ማካፈሉን ያስቀድምና 5.773263889 ይለዋል። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የተባለውን ነው የሠራው። ልጁ 9.45 እና 3.86ን በየተራ አግኝቶ ወረቀቱ ላይ ቢጽፋቸው ኖሮ መጨረሻው እንኳ ቢበላሽበት ለሠራው ማርክ ያገኝ ነበር። ባዶ መልስ ብቻ ጽፎ ከተሳሳተ ምንም የለም። አገር ቤት ስንፈተን ካልኩሌተር ይዞ መግባት አይታሰብም ነበርና ልጆቻችን እጃቸው ላይ ማሽን ሲገባ ሥራው ሁሉ የሱ ይመስላቸዋል። እባክሽ ይህን አስጨብጪው።

ደግሞ ሁሉም ወረቀት ካልኩሌተር አይፈቅድም። ኤድኤክሴልና ኤኪውኤ በሚባሉት የፈተና ቦርዶች ሒሳብ ሦስት ወረቀት ነው፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ እያንዳንዱ 80 ማርክ። የመጀመሪያው ያለ ካልኩሌተር ነው። ያን ቀን ካልኩሌተሩ ቦርሳ ውስጥ ይቅር፣ ቦርሳውም ከአዳራሹ ውጪ። ኪሱ ውስጥ ከተገኘ ቢጠቀምበትም ባይጠቀምበትም የደንብ ጥሰት ተብሎ ለቦርዱ ይጻፋል። ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ ተነሥቶ ማርክ እስከ መቀነስ፣ ከዚያም አልፎ ከፈተናው እስከ መሰረዝ ይደርሳል። ስልክም እንደዚያው ነው፣ ቢዘጋም።

ካልኩሌተር በሚፈቀድበት ቀን ጠዋት ሁለት ነገር ያድርግ። አንደኛ የማሽኑን ማስታወሻ ያጥፋ። በአዲሱ ካሲዮ SETTINGS ውስጥ ገብቶ Reset፣ ከዚያ Initialize All ማለት ነው። በአሮጌው SHIFT፣ 9፣ 3፣ ከዚያ እኩል ነው። በማሽኑ ውስጥ የተረፈ ነገር ቢገኝ ተጠያቂው ልጁ ነው፤ ባትሪውም ቢያልቅ እንደዚያው። ሁለተኛ sin 30ን ይጫን። 0.5 ወይም ግማሽ ካለው ደህና ነው። −0.988 ካለው ማሽኑ ራዲያን ላይ ነው። 0.454 ካለው ደግሞ ግራድ የሚባለው ላይ ሄዷል። ሁለቱም ላይ የማዕዘን ጥያቄዎች በሙሉ ይበላሻሉ፣ ልጁም አያውቅም፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ቁጥር ይመስላል።

ክዳኑ ላይ የታተመ መመሪያ ወይም ቀመር ካለበት መውለቅ አለበት። አብዛኛው አዳራሽ ውስጥ ማንኛውንም ክዳን አውልቃችሁ መሬት ላይ አድርጉት ነው የምንለው፣ መለየቱ ጊዜ ስለሚፈጅ። ማሽኑ መሐል ላይ ቢበላሽ ከጎኑ ካለው ልጅ መዋስ ፈጽሞ አይቻልም፤ ያ ልጅ ቢጨርስም። እጁን ያውጣ፣ ተቆጣጣሪው ተለዋጭ ሊሰጠው ይችላል።

አሁን ወደ መዝገበ ቃላቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የኛ ልጆች ብዙ የሚሳሳቱበት ነውና።

ይዞ መግባት ይችላል፣ የመጀመሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስላልሆነ። ግን በሁሉም ፈተና አይደለም። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና የለም፤ እሱ የሚመዝነው ራሱን እንግሊዝኛውን ነውና። እንደ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ባሉ የውጭ ቋንቋ ፈተናዎችም የለም። በሒሳብ፣ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በጂኦግራፊ ይገባል።

የትኛው መዝገበ ቃላት? ቃልን በቃል የሚመልስ ብቻ። ሥዕል ያለው አይገባም። የቃሉን ትርጉም በማብራሪያ የሚዘረዝር አይገባም። የቃላት ዝርዝር ብቻ የያዘ ወረቀት፣ መምህሩ ለክፍሉ ያዘጋጀው የሳይንስ ቃላት ሰንጠረዥም ቢሆን፣ አይገባም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። «ፎቶሲንተሲስ» በሚለው ቃል አንፃር «ዕፅዋት በብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁበት ሂደት» ብሎ የሚጽፍ መጽሐፍ ለባዮሎጂ ፈተና መልሱን ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ ቤት ያለሽን ትልቁን መጽሐፍ አንስተሽ ከመላክሽ በፊት አሥር ቃል ፈልጊበት። በእያንዳንዱ አንፃር ሁለትና ሦስት የአማርኛ ቃል ብቻ ካለ ደህና ነው። አንቀጽ አንቀጽ የሚያህል ማብራሪያ ካለው ቤት ይቆይ፣ ለጥናት ይሁን። ትንሹ የኪስ መዝገበ ቃላት ብዙ ጊዜ ይሻላል።

የስልክ አፕ አይታሰብም። በይነመረብ የሚፈልግ ማናቸውም ነገር እንደዚያው። ለአማርኛ ስንል ወረቀቱ ነው የሚያዋጣው።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግርሽን በዓይኔ ያየሁት ነው። አንድ የኛው ልጅ መዝገበ ቃላቱን ይዞ ሳይንስ ሊፈተን ገባ። መጽሐፉ የታላቅ እህቱ ነበር። እሷ ስታጠና በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ብዙ ነገር ጽፋበታለች፣ አንዱ ገጽ ላይ የኤሌክትሪክ ቀመር አለ። ልጁ ያንን ገጽ ከፍቶት እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም። በዚያን ቀን መጽሐፎቹ ቀድመው መታየት ሲገባቸው አልታዩም፤ ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ነው የተገኘው። መጽሐፉ ተወሰደ፣ ሪፖርት ተጻፈ፣ ልጁ የቀረውን ሰዓት እጁ እየተንቀጠቀጠ ጨረሰ። የትምህርት ቤቱ ጥፋት አለበት፣ የልጁም መጽሐፍ ንጹሕ አልነበረም። አንቺ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ግለጪው። የተሰመረበት፣ የተጻፈበት፣ በመሐል የተሰካ ወረቀት ካለ ሌላ ግዢ። ከዚያ ከፈተናው ሳምንታት በፊት ለፈተና ኃላፊው ይሰጥና ይታይ።

ሌላው ትልቅ ነገር፣ መዝገበ ቃላቱ የልጁ የዘወትር አሠራር መሆን አለበት። ክፍል ውስጥና በሞክ ፈተና ሲጠቀምበት ያልታየ ልጅ ግንቦት ላይ ድንገት ይዞ ልግባ ቢል አይሆንም። ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ቦርሳው ውስጥ ይግባ፣ መምህራኑም ይዩት።

ቃሉን መፈለግም ራሱ ሙያ ነው። የሒሳብ ወረቀት ላይ «ፕሮዳክት» የሚል ቃል አጋጠመው እንበል፤ 84ን የብቸኛ ቁጥሮች ፕሮዳክት አድርገህ ጻፍ ይላል። መዝገበ ቃላቱ «ምርት» ይለዋል። የፋብሪካ ምርት! የተፈለገው ብዜት ነው፤ 2 × 2 × 3 × 7። «ሚን» የሚለውን ቢፈልግ «ማለት» ወይም «ክፉ፣ ስስታም» ያገኛል፤ ሒሳቡ የፈለገው አማካይ ነው። «ቮልዩም» የሬዲዮ ድምፅ ወይም የመጽሐፍ ቅጽ ይሆንበታል፤ የተፈለገው ይዘት ነው። በሳይንስ ደግሞ «ስቴት» የሚለው ትእዛዝ አለ፣ መልሱን በአጭሩ ተናገር ለማለት። መዝገበ ቃላቱ መጀመሪያ የሚሰጠው «መንግሥት» ወይም «ሁኔታ» ነው። ልጁ በፈተና ሰዓት «መንግሥት ከባትሪ ጋር ምን አገናኘው?» እያለ ይቀመጣል። ስለዚህ የሒሳብና የሳይንስ ቃላትን፣ በተለይ ጥያቄው የሚጀምርባቸውን የትእዛዝ ቃላት፣ ከወዲሁ በቃሉ ይያዛቸው። ከሃምሳ አይበልጡም። መዝገበ ቃላቱ የሚጠቅመው ለቀሩት ነው፤ የጥያቄው ታሪክ ውስጥ ለሚገቡት፤ «አጥር»፣ «ወለድ»፣ «ጀልባ ተከራየ» ለሚሉት ዓይነት።

ተጨማሪ ሰዓቱስ? ጎረቤትሽ የሰማችው ሩብ፣ ማለትም 25 በመቶ፣ የመማር ችግር ያለባቸው ልጆች በምርመራ ተረጋግጦ የሚሰጣቸው ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋ መሆኑ ብቻውን ለዚያ አያበቃም። ከመዝገበ ቃላት ጋር የሚሰጠው እስከ 10 በመቶ ነው፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ወረቀት 9 ደቂቃ። እሱም ጠባብ በር ነው። ልጁ እንግሊዝ የገባው ከፈተናው በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ መሆን አለበት፤ ይሄ ለልጅሽ ይሠራል። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የማይነገር መሆን አለበት። ከመምጣቱ በፊት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት ተምሮ መሆን የለበትም። ሲመጣም እንግሊዝኛ የማያውቅ መሆን አለበት። መዝገበ ቃላቱንም የሚገልጥበት ብዛት የፈተናውን ሰዓት የሚበላበት መሆኑ መታየት አለበት።

እዚህ ላይ ነው ኢትዮጵያ ተምረው የመጡ ልጆች የሚቸገሩት። እኛ አገር እንግሊዝኛ ከታች ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ አንዳንዱ ጋ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ሌላው ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። እና ልጅሽ 8ኛ ክፍል ድረስ ተምሮ መምጣቱን ሲያዩ «እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር» ማለት ይከብዳቸዋል። የወንድሜ ልጅ እንዲህ ሆኖ ነው የቀረበት። እውነቱን ንገሪያቸው፤ በየትኛው ቋንቋ እንደተማረ፣ ሲመጣ ምን ደረጃ ላይ እንደነበረ። ከመጣ ጊዜ የተሰጠው የእንግሊዝኛ መመዘኛ ካለ እሱን አስታውሺያቸው። ውሳኔው የትምህርት ቤቱ ነው። መዝገበ ቃላቱ ግን ያለ ተጨማሪ ሰዓትም ይፈቀዳል፤ ሁለቱን አታያይዣቸው።

ያለ ተጨማሪ ሰዓት ከሆነ ሒሳቡን አስልተን እንየው። 90 ደቂቃ ለ80 ማርክ ሲካፈል ለአንድ ማርክ አንድ ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ግድም ይደርሰዋል። ስልክሽ ላይ ሰዓት ያዢለትና አንድ ቃል ለማግኘት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት እዪ። 40 ሰከንድ ከሆነ አሥራ ሁለት ቃል 8 ደቂቃ በላ ማለት ነው፣ የሰባት ማርክ ጊዜ። ስለዚህ ቃሉ ሳይገባው ጥያቄውን መሥራት ከቻለ አይፈልግ። ቁጥሮቹና ሥዕሉ ብዙ ጊዜ ይነግሩታል። ልብ በይ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መፈለግ ይቀላል፣ ፊደሉ ተርታ ነው። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ነው የሚቆየው፤ «ሐ» ነው «ኀ» ነው፣ «ሰ» ነው «ሠ» እያለ፣ ግሱንም «መፈለግ» በሚለው ፈንታ «ፈለገ» ብሎ ማግኘት እንዳለበት እየረሳ። ይሄን አለማምጂው።

ራፍ ወረቀት የሚባል ለብቻው አይሰጠውም። ከቤትም ይዞ አይገባም። የሙከራ ሥራው ሁሉ እዚያው የመልስ ወረቀቱ ላይ ነው የሚሠራው፣ ባዶ ቦታው ላይ። ሲጨርስ አንድ መስመር ብቻ ያስምርበት፣ ሌላ ምንም አይንካው። ቦታ ካለቀበት እጁን አውጥቶ ተጨማሪ ወረቀት ይጠይቃል፤ እሱም ስሙ ተጽፎበት አብሮ ይሰበሰባል። አንዲት ብጣሽ ወረቀት ከአዳራሹ ይዞ መውጣት አይችልም። መዳፉ ላይ መጻፍማ ጭራሽ።

አገር ቤት የለመድነው ንጹሑን ወረቀት አስረክቦ ራፉን መጣል ነው። እዚህ በተቃራኒው ነው። የኤድኤክሴል አራሚዎች የሚመሩበት ደንብ የተሰረዘ ሥራ በሌላ መልስ እስካልተተካ ድረስ ይታረም ይላል። አንድ ልጅ ስድስት ማርክ ያለው ጥያቄ ላይ ግማሽ መንገድ ሄዶ፣ ተስፋ ቆርጦ፣ በአንድ መስመር ሰርዞ ቢተወው አራሚው ያነበዋል፤ ትክክል የሆኑ እርምጃዎች ካሉበት ማርክ ይሰጣል። ያው ልጅ ደጋግሞ ቢያጠቁረው ወይም በእርሳስ ጽፎ በላጲስ ቢያጠፋው የሚነበብ የለም። ስለዚህ በጥቁር ብዕር ይሥራ፤ እርሳስ ለሥዕልና ለግራፍ ብቻ። የመጀመሪያውን ሐሳብ በሌላ ከመተካቱ በፊትም ሁለተኛው የተሻለ መሆኑን ይይ፤ ከተካው በኋላ የሚታየው አዲሱ ነው።

አንድ ራፍ የሚመስል ነገር ይፈቀዳል፤ ትሬሲንግ ፔፐር፣ ያ ከላይ አድርገው የሚገለብጡበት ስስ ወረቀት። ለማዞርና ለማንጸባረቅ ጥያቄዎች ነው። የኤድኤክሴል የሒሳብ ወረቀት ሽፋን ላይ መጠቀም እንደሚቻል ተጽፏል፤ እጁን አውጥቶ መጠየቅ ነው። ብዙ ልጆች ሳያነቡት ይቀራሉ። እዚያው ሽፋን ላይ ካልኩሌተርህ ፓይ የሚል ቁልፍ ከሌለው 3.142 ውሰድ የሚልም አለ። ያንን ሽፋን አሁን ካለፈ ዓመት ወረቀት ላይ አውርዳችሁ አብራችሁ አንብቡት፤ በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ለፈተና ኃላፊው አጭር ኢሜይል ጻፊ፦ «ልጄ በሒሳብ፣ በሳይንስና በታሪክ የአማርኛ መዝገበ ቃላት መጠቀም ይፈልጋል፣ መጽሐፉን መቼ ላምጣላችሁ? ለ10 በመቶ ተጨማሪ ሰዓት ይበቃል ወይ? የገዛንለት fx-83GT CW ነው፣ ይሆናል?» መልሱን አስቀምጪው። የአጎቱን ማሽን ሳጥኑ ካልጠፋ መልሺለት ወይም ሽጪው፤ ኤ ሌቭልም ላይ አይገባም።